ቤንዝን ለምን እምቢ ይላል?

የብሮሚን ውሃ ቡናማ ቀላ ያለ ነው። በሙከራ ቱቦ ውስጥ አድርገው ቡታዳይን የተባለውን ጋዝ ቢያሳልፉበት ቀለሙ ወዲያው ይጠፋል፤ ብሮሚኑ በድርብ ትስስሮቹ ላይ ተጣብቆ ያልቃልና። በሌላ ቱቦ ደግሞ ቤንዝን ጨምረው ይነቅንቁት፤ ማደያ የምንቀዳውን ነዳጅ ማለቴ ሳይሆን ስድስት ካርቦንና ስድስት ሃይድሮጅን ያለውን ንጹሕ ፈሳሽ ነው። ትንሽ ቆይቶ ፈሳሹ በሁለት ይከፈላል፤ ቀለሙ ከታችኛው ውሃ ወጥቶ ከላይ ወደ ተንሳፈፈው ቤንዝን ይገባል እንጂ አይጠፋም። ብሮሚኑ በቤንዝኑ ውስጥ ሟሟ እንጂ አልነካውም ማለት ነው። (ቤንዝን ካንሰር አምጪ ስለሆነ ይህን ሙከራ ዛሬ ተማሪ እንዲሠራው አይፈቀድም።)

ነገሩ ግራ የሚያጋባው በወረቀት ላይ ስናየው ነው። ቡታዳይን አራት ካርቦኖች በመስመር የተያያዙበት ሲሆን ሁለት ድርብ ትስስሮች አሉት። ቤንዝን ደግሞ ኬኩሌ የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት በ1865 ባቀረበው ሥዕል መሠረት (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስድስት ካርቦኖች ቀለበት ሠርተው ነጠላና ድርብ ትስስር የሚፈራረቁበት ነው፤ ድርቦቹ ሦስት ናቸው። ሦስት ያለው ሁለት ካለው ይልቅ ብሮሚንን መሻማት ነበረበት።

እምቢታው በሙቀት ይለካል። ስድስት ካርቦን ባለው ቀለበት ውስጥ አንድ ድርብ ትስስር ብቻ ቢኖርና በሃይድሮጅን ብንሞላው በአንድ ሞል 120 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይወጣል። ሦስት ድርብ ትስስር ካለ 360 ይጠበቃል። በ1930ዎቹ የሃርቫርዱ ኪስቲያኮፍስኪ ከባልደረቦቹ ጋር ሲለካው ግን ቤንዝን የሰጠው 208 ገደማ ብቻ ነው። የጎደለው 150 ኪሎጁል የትም አልባከነም፤ ቤንዝን ከመጀመሪያውም ከሥዕሉ በታች፣ በዝቅተኛ ጉልበት የተቀመጠ ስለሆነ ለመውረድ የቀረው ርቀት አጭር ነው።

የዚህን ምክንያት በ1931 በስሌት ያሳየው ኤሪክ ሂውክል የተባለ ጀርመናዊ የፊዚክስ ሰው ነው። ኬሚስት የሆነ ወንድም ነበረው፤ የእሱ የራሱ መሣሪያ ግን አዲሱ የኳንተም ስሌት ነበር። አካሄዱ ድፍረት ነው ቢባል አይበዛበትም። እያንዳንዱ ካርቦን ለትስስር ከሚያውላቸው አራት ኤሌክትሮኖች ሦስቱ የሞለኪውሉን አጥንት ይሠራሉ፤ እነዚህን ተዋቸው። አራተኛው ከሞለኪውሉ ገጽ በላይና በታች ይቆማል፤ ፓይ ኤሌክትሮን የሚባለው እሱ ነው። ፓይ ኤሌክትሮን ከአንዱ ካርቦን ወደ ጎረቤቱ መሻገር ይችላል፣ ከጎረቤት አልፎ ግን አይዘልም። በመሻገር የሚገኘው የጉልበት ጥቅም በሁሉም ጎረቤታሞች መካከል እኩል ነው፤ መጠኑም ቤታ ይባላል። ኤሌክትሮኖች እርስ በርስ መገፋፋታቸውን ለብቻው አንቆጥርም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ስሌት በእርሳስ የሚሠራ ነው። ኤሌክትሮኑ በሞለኪውሉ ላይ እንደ ሞገድ ይዘረጋል፤ በእያንዳንዱ ካርቦን ላይ የሞገዱን ቁመት የሚናገር አንድ ቁጥር እንጻፍ። ሕጉ አንድ ነው፦ በየትኛውም ካርቦን ላይ የጎረቤቶቹ ቁጥሮች ድምር፣ የካርቦኑ የራሱ ቁጥር በ x ተባዝቶ ከሚሰጠው ጋር እኩል መሆን አለበት። x ኤሌክትሮኑ በቤታ ሲለካ ስንት እንዳተረፈ ይነግረናል፤ ሲበልጥ ኤሌክትሮኑ በዝቅተኛና በተረጋጋ ደረጃ ላይ ነው። ሁለት ካርቦን ብቻ ባለው ኤቲሊን ላይ 1 እና 1 ብንጽፍ x = 1 ይሆናል። በአንድ ደረጃ ላይ ሁለት ኤሌክትሮን ስለሚቀመጥ አንድ ብቸኛ ድርብ ትስስር 2 ቤታ ያተርፋል። ይህን ቁጥር እንያዘው፤ ማወዳደሪያችን ነው።

አሁን ቡታዳይን። ሞለኪውሉ ከግራም ከቀኝም አንድ ዓይነት ስለሆነ ቁጥሮቹን a፣ b፣ b፣ a እንበል። ጫፍ ላይ ያለው ካርቦን ጎረቤቱ አንድ ነው፤ ስለዚህ xa = b። ቀጣዩ ካርቦን ሁለት ጎረቤት አለው፤ ስለዚህ xb = a + b። ሁለቱን ስናገናኝ x² = x + 1 ይመጣል፤ መልሱም 1.618 ነው። የሥነ ሕንጻና የሥዕል ሰዎች ወርቃማ ምጣኔ የሚሉት ቁጥር፣ ማንም ሳይጠራው የጎማ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ በሆነ ሞለኪውል ውስጥ መገኘቱ ሁልጊዜም ይገርመኛል። ቀጣዩ ሞገድ መሐል ላይ ምልክቱን ይገለብጣል፦ a፣ b፣ -b፣ -a። ይህም x² = 1 - x ይሰጥና x = 0.618 ይሆናል። አራቱ ኤሌክትሮኖች ሁለት ሁለት እየሆኑ ሁለቱን ደረጃዎች ይሞላሉ፤ ድምሩ 4.472 ቤታ ነው። ሁለት የተለያዩ ድርብ ትስስሮች ቢሆኑ 4 ብቻ ነበር። የተረፈችው 0.472 ኤሌክትሮኖቹ በአንድ ቦታ ሳይታጠሩ በአራቱም ካርቦኖች ላይ ስለተሰራጩ የመጣች ናት፤ የስርጭት ጉልበት ትባላለች።

የክራር ጅማት ሁለት ጫፉ ታስሮ እንደሚርገበገብ ሁሉ፣ የቡታዳይን ሞገድም ጫፎቹ ላይ ለመጥበብ ይገደዳል። የመጀመሪያው ሞገድ ቁጥሮች ከመሐል ይልቅ ጫፍ ላይ የሚያንሱት ለዚህ ነው። ጫፍ ያስከፍላል።

ቤንዝን ጫፍ የለውም። በስድስቱም ካርቦን ላይ 1 ብንጽፍ እያንዳንዱ ሁለት ጎረቤት ስላለው ድምሩ 2 ይመጣል፤ ስለዚህ x = 2፣ ከቡታዳይን 1.618 የበለጠ። ቀጥሎ በዙሪያው 2፣ 1፣ -1፣ -2፣ -1፣ 1 ብለን እንሞክር። 2 ያለው ካርቦን ጎረቤቶቹ 1 እና 1 ናቸው፣ ድምራቸው 2፤ 1 ያለው ጎረቤቶቹ 2 እና -1 ናቸው፣ ድምራቸው 1። ስለዚህ x = 1። አሁን ደግሞ 0፣ 1፣ 1፣ 0፣ -1፣ -1 ብለን ብንጽፍ ይህም x = 1 ይሰጣል። በአንድ ከፍታ ሁለት እኩያ ደረጃዎች አሉ ማለት ነው። ሁለት ኤሌክትሮን በ 2 ላይ፣ አራት ኤሌክትሮን በ 1 ላይ ሲቀመጡ ድምሩ 8 ቤታ ይሆናል። ከሦስት የተለያዩ ድርብ ትስስሮች 6 ስናነሳ ስርጭቱ 2 ቤታ አትርፏል። የቡታዳይንን አራት እጥፍ ይበልጣል።

ብዙ መጻሕፍት እዚህ ላይ ያቆማሉ፣ አንባቢውም መረጋጋቱ ሁሉ ከስርጭት የመጣ ይመስለዋል። እንዲህ ቢሆን ኖሮ ማንኛውም በኤሌክትሮን የተሞላ ቀለበት እንደ ቤንዝን በጸና ነበር። ትክክለኛው ማወዳደሪያ ያው ስድስት ኤሌክትሮን ያለው፣ ግን ያልተዘጋ ሰንሰለት ነው። ሄክሳትራይን በዚሁ ስሌት 6.988 ቤታ ይሰጣል። ስለዚህ ከቤንዝኑ 2 ቤታ ውስጥ 0.988 ያህሉ ሰንሰለትም የሚያገኘው ተራ ስርጭት ነው። ቀሪው 1.012 ብቻ ቀለበቱ በመዘጋቱ የመጣ ነው። አሮማቲክ መረጋጋት መባል የሚገባው ይህ ግማሽ ነው።

መዝጋት ሁልጊዜ አያተርፍም። አራት ካርቦን ያለውን ቀለበት፣ ሳይክሎቡታዳይንን፣ እንይ። ዝቅተኛው ደረጃ እዚህም 2 ነው። ቀጣዩን 1፣ 0፣ -1፣ 0 ብለን ብንጽፈው ግን x = 0 ይመጣል፤ እኩያውም እንዲሁ። ሁለት ኤሌክትሮን በ 2 ላይ ከተቀመጡ በኋላ የቀሩት ሁለቱ ምንም በማያተርፍ ደረጃ ላይ ይወድቃሉ። ድምሩ 4 ነው፤ ክፍቱ ቡታዳይን ግን 4.472 ነበረው። ቀለበቱ በመዘጋቱ ከሰረ። ስምንት ካርቦን ያለው ቀለበት ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። በስሌቱ የስርጭት ጉልበቱ 1.66 ቤታ ነው፤ ይህን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው የቤንዝን ታናሽ ወንድም ነው ሊል ይችላል። የተመሳሳዩ ክፍት ሰንሰለት ግን 1.52 አለው፤ ከመዘጋቱ የተገኘው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ቪልሽቴተር ይህን ሞለኪውል በ1911 ሠርቶ ሲያየው እንደ ማንኛውም ድርብ ትስስር ያለው ነገር ብሮሚንን የሚቀበል ሆኖ አገኘው። ቅርጹም ጠፍጣፋ ሳይሆን ጎድጓዳ ነው።

ምሥጢሩ የደረጃዎቹ አቀማመጥ ላይ ነው። በማንኛውም ቀለበት ዝቅተኛው ደረጃ ብቻውን ነው፣ ከእሱ በላይ ያሉት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመጣሉ። ስለዚህ ቀለበቱ ሙሉ የሚሆነው በ 2፣ በ 6 ወይም በ 10 ኤሌክትሮን ነው። በ 4 ወይም በ 8 ሲሆን የመጨረሻው ጥንድ ግማሹ ባዶ ይቀራል።

ስሌቱ የት ላይ እንደሚሳሳትም ማየት ይቻላል። የቤንዝን 2 ቤታ ከጎደለው 150 ኪሎጁል ጋር እኩል ነው ካልን አንድ ቤታ 75 ይሆናል። በዚህ ዋጋ ቡታዳይን 35 ኪሎጁል ማትረፍ ነበረበት። አንድ ድርብ ትስስር ያለው ቡቲን በሃይድሮጅን ሲሞላ 127፣ ቡታዳይን ደግሞ 239 ገደማ ይሰጣል፤ የሁለት ቡቲን 254 ነበርና ልዩነቱ 15 ብቻ ነው፣ ከትንበያው ግማሽ በታች። አንዱ ምክንያት ሂውክል ቤታን በሁሉም ጎረቤታሞች መካከል እኩል ማድረጉ ነው። በቤንዝን ውስጥ ስድስቱም ርቀቶች 139 ፒኮሜትር ገደማ ስለሆኑ ይህ ያስኬዳል፤ በቡታዳይን ግን ጫፎቹ 134፣ መሐሉ 147 ገደማ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ማወዳደሪያው ራሱ ነው። ነጠላና ድርብ ትስስር የሚፈራረቁበት የኬኩሌ ቀለበት ርቀቶቹ አጭርና ረጅም መሆን ነበረባቸው፤ አጭሩን ስቦ ረጅሙን ጨምቆ እኩል ማድረግ ጉልበት ይጠይቃል። የተለካው 150 ይህ ወጪ ተቀንሶ የቀረ ነው እንጂ ፓይ ኤሌክትሮኖቹ ያተረፉት ሁሉ አይደለም። ስለዚህ ቤታን በኪሎጁል መተርጎም ላይ መጠንቀቅ ይሻላል፤ የደረጃዎቹ ቅደም ተከተልና የስድስቱ ቆጠራ ግን ጸንተዋል።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ሰባት ካርቦን ያለው ቀለበት አለ። አንድ ኤሌክትሮን ተወስዶበት ስድስት ብቻ ሲቀሩት ሙሉ ይሆናል። ትሮፒሊየም ይባላል። አብዛኞቹ እንዲህ ኤሌክትሮን የጎደላቸው የካርቦን አዮኖች ውሃ ሲያገኙ ወዲያው ይጠፋሉ፤ የትሮፒሊየም ብሮማይድ ግን ልክ እንደ ጨው ውሃ ውስጥ ይሟሟል። መርሊንግ የተባለ ኬሚስት በ1891 ሠርቶት ነበር፣ ምን እንደሆነ ግን አላወቀም። ዶሪንግና ኖክስ የሂውክልን ስድስት ኤሌክትሮኖች ይዘው ምንነቱን የለዩት በ1954 ነው።