ከሠላሳ ስድስት እጩዎች ወደ ሁለት

በሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ላይ እንዲህ ያለ እኩልታ ያላየ ተማሪ አይገኝም፦

12x³ − 26x² − 25x + 24 = 0

የሚፈለገው በ x ቦታ ሲገባ የግራውን ወገን ዜሮ የሚያደርግ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር የእኩልታው ሥር ይባላል። ትልቁ አርቢ 2 ቢሆን ኖሮ የኳድራቲክ ቀመር ነገሩን በሁለት መስመር ይጨርሰው ነበር። አርቢው 3 ሲሆንም ቀመር አለ፤ ጣሊያናዊው ጂሮላሞ ካርዳኖ እ.ኤ.አ. በ1545 በመጽሐፍ አሳትሞታል። ይሁን እንጂ ቀመሩ ረጅም ነው፤ መልሱ ቀላል ክፍልፋይ በሚሆንበት ጊዜ እንኳ በኩብ ሩት ተጠቅልሎ ስለሚወጣ በእጅ ለሚሠራ ሰው አይመችም። ስለዚህ በቅድሚያ የሚጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይህ እኩልታ ሙሉ ቁጥር ወይም ክፍልፋይ የሆነ ሥር አለው ወይ?

ራሽናል ሩት ቲዎረም የሚባለው ሕግ ለዚህ ጥያቄ መነሻ ይሰጣል። የእኩልታው ቁጥሮች በሙሉ ሙሉ ቁጥሮች ከሆኑ፣ እስከ መጨረሻው የተቃለለ p/q ደግሞ ሥር ከሆነ፣ ላዕሉ p ብቻውን የቆመው ቁጥር አካፋይ መሆን አለበት፤ ታህቱ q ደግሞ ከትልቁ አርቢ ፊት የቆመው ቁጥር አካፋይ መሆን አለበት። በእኛ ምሳሌ p የ24፣ q የ12 አካፋይ ነው ማለት ነው።

ምክንያቱ ከባድ አይደለም። በ x ቦታ p/q አስገብተን ሁሉንም በ q³ ብናባዛ ይህን እናገኛለን፦

12p³ − 26p²q − 25pq² + 24q³ = 0

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በሙሉ p አለባቸው። ድምሩ ዜሮ እንዲሆን አራተኛው 24q³ም ለ p ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። ክፍልፋዩ የተቃለለ ስለሆነ p እና q የጋራ አካፋይ የላቸውም፤ ስለዚህ p ሊያካፍል የሚችለው 24ን ነው። ከሌላኛው ጫፍ ተነሥተን በ q ብናየው በዚያው መንገድ q 12ን ያካፍላል።

አሁን እጩዎቹን እንዘርዝር። ታህቱ 1 ሲሆን 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 8፣ 12 እና 24 ይገኛሉ። ታህቱ 2 ሲሆን 1/2 እና 3/2፤ ታህቱ 3 ሲሆን 1/3፣ 2/3፣ 4/3 እና 8/3፤ ታህቱ 4 ሲሆን 1/4 እና 3/4፤ ከዚያም 1/6 እና 1/12። እነዚህ 18 ናቸው፤ እያንዳንዱ ፖዘቲቭም ኔጌቲቭም ሊሆን ስለሚችል 36 ይሆናሉ። እንደ 6/4 ያሉ ያልተቃለሉ ክፍልፋዮች እዚህ ውስጥ አይገቡም፤ 6/4 ከ3/2 ጋር አንድ ነው፤ ደግሞ መጻፍ ዝርዝሩን በከንቱ ያበዛዋል።

ብዙ ተማሪ ሕጉን የሚተወው እዚህ ላይ ነው። 36 ቁጥሮችን አንድ በአንድ እያስገቡ፣ ክፍልፋይ ኩብ እያደረጉ መሞከር ትዕግሥት ይጨርሳል፤ በመሐል አንድ የምልክት ስሕተት ከተፈጠረ ደግሞ ትክክለኛው መልስ ሳይታወቅ ሊታለፍ ይችላል። ሕጉን ጠቃሚ የሚያደርገው እንግዲህ ከዝርዝሩ በኋላ የሚመጣው ማጥራት ነው። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው እኩልታውን በ1 እና በ−1 ማስላት ነው፤ ሁለቱም መደመርና መቀነስ ብቻ ነው የሚፈልጉት። የግራውን ወገን f(x) ብለን እንጥራው።

f(1) = 12 − 26 − 25 + 24 = −15
f(−1) = −12 − 26 + 25 + 24 = 11

ሁለቱም ዜሮ ስላልሆኑ 1 እና −1 ሥሮች አይደሉም። የእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ጥቅም ግን ከዚህ እጅግ ይሰፋል። p/q ሥር ከሆነ f(x) በ (qx − p) ይካፈላል፤ ድርሻውም ሙሉ ቁጥሮች ብቻ ያሉት ፖሊኖሚያል ነው፤ ይህን ዋስትና የሚሰጠው በጀርመናዊው ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ ስም የሚጠራው ለማ ነው። እንግዲህ በ x ቦታ 1 ስናስገባ f(1) ከ q − p እና ከሌላ ሙሉ ቁጥር ብዜት ይገኛል። በአጭሩ የp እና የq ልዩነት f(1)ን ያለ ቀሪ ማካፈል አለበት። በ−1 ስናየው ደግሞ የሁለቱ ድምር f(−1)ን ማካፈል አለበት።

ከf(−1) እንጀምር፤ 11 ብቸኛ ቁጥር ነውና አካፋዮቹ 1 እና 11 ብቻ ናቸው። ፖዘቲቭ እጩዎችን እንይ፦ ላዕልና ታህት ሲደመሩ 11 መስጠት አለባቸው፤ ሁለቱም ቢያንስ 1 ስለሆኑ ድምራቸው 1 ሊሆን አይችልም። 24/1 ድምሩ 25 ነው፤ ይወጣል። 3/2 ድምሩ 5 ነው፤ ይወጣል። 3/4 ድምሩ 7 ነው፤ ይወጣል። እንዲህ እያልን ስንወርድ ከ18ቱ ፖዘቲቭ እጩዎች የሚቀረው 8/3 ብቻ ነው። አንድም ክፍልፋይ ኩብ አላደረግንም።

በኔጌቲቭ በኩል ምልክቱን ለላዕሉ እንሰጠዋለን። −3/2 ድምሩ −3 + 2 = −1 ነው፤ −1 11ን ስለሚያካፍል ይቆያል። −8/3 ድምሩ −5 ነው፤ ይወጣል። በዚህ ወንፊት የሚያልፉት ስምንት ናቸው፦ −12፣ −2፣ −1/2፣ −3/2፣ −2/3፣ −4/3፣ −3/4 እና −1/12። አሁን ሁለተኛውን ወንፊት እናምጣ፤ የላዕሉና የታህቱ ልዩነት 15ን ማካፈል አለበት። −12 እና −1/12 ልዩነታቸው 13 ነው፤ −4/3 እና −3/4 ደግሞ 7። አራቱም ይወጣሉ። 8/3 ልዩነቱ 5 ስለሆነ ያልፋል። ከ36ቱ አምስት ቀሩ፦ 8/3፣ −2፣ −1/2፣ −3/2 እና −2/3።

ከዚህ ወዲያ የምልክት ደንብ ይረዳል። ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1637 ባወጣው የጂኦሜትሪ ሥራው ላይ ያስቀመጠው ነው። የእኩልታችን ምልክቶች በተርታ +፣ −፣ −፣ + ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ይለወጣሉ፤ ስለዚህ ፖዘቲቭ ሥሮች ሁለት ናቸው ወይም ምንም የሉም። በ x ፈንታ −x ስናስገባ ምልክቶቹ −፣ −፣ +፣ + ይሆናሉ፤ የሚለወጡት አንድ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ኔጌቲቭ ሥር በትክክል አንድ አለ። የት እንዳለ ለማወቅ f(−2)ን ብናሰላ −126 እናገኛለን። በ−1 ላይ 11፣ በ−2 ላይ −126 ከሆነ መስመሩ ዜሮን የሚያቋርጠው በሁለቱ መሐል ነው። ያ ብቸኛው ኔጌቲቭ ሥር እዚያ ስላለ −2፣ −1/2 እና −2/3 ሥር ሊሆኑ አይችሉም። የቀሩት ሁለት ናቸው፦ −3/2 እና 8/3።

እነዚህን የምንፈትነው በሲንተቲክ ዲቪዥን ነው፤ የመጀመሪያውን ቁጥር በእጩው አባዝቶ ቀጣዩ ላይ መደመር፣ ውጤቱን እንደገና በእጩው ማባዛት፣ እንዲሁ እስከ መጨረሻ መቀጠል። በ−3/2 ስንጀምር 12፣ ከዚያ −44፣ ከዚያ 41 ይመጣል። 41 በ−3/2 ሲባዛ −61.5 ስለሆነ እዚህ ላይ መቆም ይቻላል፤ 24 ላይ ብንደምረው ዜሮ አይመጣም። እንዲያውም እጩው እውነተኛ ሥር ከሆነ በመንገዱ ላይ ክፍልፋይ ብቅ አይልም፤ ክፍልፋይ ካየን እጩውን መጣል ነው። በ8/3 ስንሄድ 12፣ 6፣ −9፣ 0 እናገኛለን። ቀሪው ዜሮ ነው፤ 8/3 ሥር ነው።

ድርሻው 12x² + 6x − 9 ነው፤ በ3 ሲቃለል 4x² + 2x − 3። ኳድራቲክ ቀመሩ ሁለቱን ሌሎች ሥሮች (−1 + √13)/4 እና (−1 − √13)/4 ይሰጠናል፤ በግምት 0.65 እና −1.15። ኔጌቲቩ እንደተባለው በ−2 እና በ−1 መካከል ወድቋል፤ በዝርዝሩ ላይ ያልነበረው ራሽናል ስላልሆነ ነው።

እዚህ የ11 ብቸኛ ቁጥር መሆን በጣም ረድቶናል። f(1) 60 ወይም 72 ቢሆን አካፋዮቹ ብዙ ስለሆኑ ወንፊቱ ብዙ ያሳልፍ ነበር። ያኔ ሌላ ሙሉ ቁጥር k ወስዶ f(k)ን ማስላት ነው፤ p − kq ያንን ማካፈል አለበት። f(1) ዜሮ ከሆነ ግን ፈተናው ምንም አያጣራም፤ ዜሮ ለሁሉም ይካፈላልና። በዚህ ጊዜ 1 ራሱ ሥር ስለሆነ በ (x − 1) አካፍሎ፣ ባነሰው ፖሊኖሚያል ላይ ዝርዝሩን እንደ አዲስ መጀመር ያሻል። በአስርዮሽ ወይም በክፍልፋይ የተጻፈ እኩልታም አስቀድሞ ተባዝቶ ወደ ሙሉ ቁጥሮች ካልተለወጠ ሕጉ አይሠራበትም፤ ብቻውን የቆመ ቁጥር ከሌለው ደግሞ መጀመሪያ x ይወጣለታል።

ከእጩዎቹ አንዱም ሳይሳካ ሲቀር ልፋቱ ከንቱ አይደለም። የ60 ዲግሪን ማዕዘን በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ለሦስት እኩል መክፈል ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ ሲንከባለል መጥቶ በዚህ እኩልታ ላይ ያርፋል፦

y³ − 3y − 1 = 0

y ማለት የ20 ዲግሪ ኮሳይን እጥፍ ነው። እጩዎቹ 1 እና −1 ብቻ ናቸው። በ1 ውጤቱ −3፣ በ−1 ደግሞ 1 ነው። ስለዚህ ራሽናል ሥር የለም። በማስመሪያና በኮምፓስ የሚገኝ ርዝመት ደግሞ እንዲህ ያለ ራሽናል ሥር የሌለውን የሦስተኛ ዲግሪ እኩልታ ሊፈታ አይችልም። ይህን ያረጋገጠው ፈረንሳዊው ፒዬር ቫንትዜል ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1837።

አርቢው 4 ሲሆን ግን ባዶ ዝርዝር ያን ያህል አይናገርም። x⁴ + 4 ለማንኛውም ቁጥር ከዜሮ በላይ ስለሆነ ሥር ሊሆን የሚችል እጩ አንድም የለውም፤ ሆኖም (x² + 2x + 2) እና (x² − 2x + 2) ሲባዙ የሚገኘው እሱ ነው። ስለዚህ በሦስተኛ ዲግሪ ላይ ዝርዝሩ ባዶ ከቀረ ፖሊኖሚያሉ በራሽናል ቁጥሮች አይከፈልም ብሎ መደምደም ይቻላል፤ ከአራት ጀምሮ ግን የኳድራቲክ ብዜት መሆኑን ለብቻው መመርመር የግድ ነው።