የግራ ትንሿ ጣት

ባሕር ዳር ውስጥ ማታ ማታ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሳስተምር ወደ እኔ የሚመጡት አብዛኞቹ ጎልማሶች ናቸው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት፣ ጡረታ የወጣ መምህር። በሁለት ጣት ፊደል እየለቀሙ ለዓመታት ሲጽፉ የኖሩ ሰዎች ስለሆኑ አሁን የሚፈልጉት ኪቦርዱን ሳያዩ በዐሥር ጣት መጻፍ ነው። ችግሩ የሚለማመዱባቸው መልመጃዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ለእንግሊዝኛ የተዘጋጁ መሆናቸው ላይ ነው። ጣቶቹ የሚያርፉበት ቦታ ለሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው፤ አማርኛ ግን ሥራውን ለጣቶች የሚያከፋፍለው በሌላ መንገድ ነው።

በማስተምርበት አቀማመጥ፣ ማለትም በኪማን ላይ በሚጫነው የግዕዝ ፍሮንቲየር አማርኛ፣ ተነባቢው ብቻውን ሲመታ ሳድሱ ይወጣል፤ አናባቢ ሲከተለው ቤቱ ይለወጣል። l ል ነው፣ le ለ፣ lu ሉ፣ li ሊ፣ la ላ፣ lo ሎ። ኃምሱ እንዴት እንደሚወጣ ከፕሮግራም ፕሮግራም ስለሚለያይ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት በየራስ ማሽን ላይ መሞከር ያስፈልጋል። የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ በግዕዝና በራብዕ የተሞላ ነው። የሁለቱም አናባቢ፣ e እና a፣ በግራ እጅ በኩል ይገኛል፤ e በመሐል ጣት፣ a በትንሿ ጣት። ስለዚህ ከዐሥሩ ጣቶች ደካማ ከሚባሉት አንዷ የሆነችው የግራ ትንሿ ጣት ቀኑን ሙሉ ትሠራለች። «ባሕር ዳር» ብለን እንጻፍ፤ baHr dar ነው። ከ H እና ከክፍት ቦታው በቀር ፊደሎቹን ሁሉ የሚመታው ግራ እጅ ነው።

ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ሳምንት በመሐለኛው ረድፍ ላይ የምናሳልፈው። የግራ ጣቶች A፣ S፣ D፣ F ላይ ያርፋሉ፤ የቀኝ ጣቶች J፣ K፣ L እና ; ላይ። F እና J ላይ ያለችው ትንሽ ጉብታ ዓይን ሳያይ አመልካች ጣቶችን ወደ ቤታቸው የምትመልስ ምልክት ናት። G እና H ን የሚነኩት አመልካች ጣቶቹ ወደ መሐል ተዘርግተው ነው። በዚህ ረድፍ ብቻ ሳ፣ ዳ፣ ፋ፣ ጋ፣ ሃ፣ ጃ፣ ካ፣ ላ ይወጣሉ፤ ፋስ፣ ካሳ፣ ዳስ፣ አካል፣ አፋፍ የሚሉ ሙሉ ቃላትም ይጻፋሉ። ትርጉም የሌለው asdf ከመደጋገም ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ እጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተነባቢንና አናባቢን እንደ አንድ እንቅስቃሴ ይለምዳል። ከዚያ e ይጨመራል፣ ቀጥሎም በቀኝ እጅ ያሉት u፣ i እና o።

አንድ ተማሪዬ ከጣና ዳር ወደ ገዳማቱ በሚሄዱ ጀልባዎች የመንገደኞችን ስም የሚመዘግቡ፣ ሃምሳውን ያለፉ ሰው ናቸው። በሁለት ጣት ሲጽፉ ለካሁት፤ በደቂቃ ሰባ ምት ያህል ይመታሉ። እጃቸውን እንዳያዩ ነጠላ ጣል አድርገንበት በየቀኑ የሚጽፉትን ቃል ሰጠኋቸው፤ «ጣና»።

Tana አራት ምት ነው፤ ስሕተቱን ግን ስክሪኑ ላይ ማንበብ ይቻላል። መጀመሪያ ደጋግሞ የወጣላቸው «ታና» ነበር፤ ሺፍቱ ከ T በኋላ ደርሷል ማለት ነው። ቀጥሎ ደግሞ ጥ ብቻዋን ቀርታ ከጎኗ ሌላ ፊደል ወጣች፤ ሺፍቱ ሳይለቀቅ a ተመትቷል። መነሻው አንድ ነው፤ T ን የሚመታው ግራ እጅ ሆኖ ሳለ ሺፍቱንም በግራ ትንሿ ጣት ይይዙ ነበር፤ ያችው ጣት ወዲያው a ን መምታት አለባት። ሺፍትን ሁልጊዜ የሚይዘው ተቃራኒው እጅ ነው።

«ጋሼ፣ የቀኙን ሺፍት ይያዙ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ያ ሺፍት መኖሩንም አላውቅም ነበር» አሉኝ።

በእንግሊዝኛ ሺፍት የሚያስፈልገው በአብዛኛው በዐረፍተ ነገርና በስም መጀመሪያ ነው። በአማርኛ ጥ፣ ጭ እና ኝ በቃል መካከልና መጨረሻ ይመጣሉ፤ አራት ነጥብም የሚወጣው ሺፍት ይዞ ሁለት ጊዜ : በመምታት ነው። ስለዚህ ሺፍትን እንደ ተጨማሪ ትምህርት ወደ መጨረሻ መግፋት አይቻልም። በሁለተኛው ሳምንት ጣ፣ ጫ፣ ኛ በቀኙ ሺፍትና በግራው መካከል እየተፈራረቁ ይጻፋሉ፤ T የቀኙን፣ N የግራውን ይፈልጋል።

ሦስተኛው ስሕተት «ጣአን» ነበር። በቃሉ መሐል ያለቦታው «አ» ከታየ የግራ ትንሿ ጣት ቀኝ እጅን ቀድማዋለች፤ n ሳይመታ a ተመትቷል። መድኃኒቱ ና፣ ማ፣ ላ፣ ካ ን እንደ ሰዓት ድምፅ እኩል እየመቱ፣ ሁለቱ እጆች እስኪግባቡ ድረስ በዝግታ መጻፍ ነው። ከመቶ ምት ዘጠና አምስቱ እስኪስተካከል ፍጥነት አላስጨምርም፤ በስሕተት የተደጋገመ እንቅስቃሴም ይለመዳልና። ልምምዱም በቀን ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም። ትንሿ ጣት ወይም የእጅ አንጓ ካመመ ይቆማል፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንጓው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተጭኖ ጣት ብቻውን ሲዘረጋ ነው።

ፍጥነትን የምለካው በምት እንጂ በቃል አይደለም። «ትምህርት» እና «ተማሪዎቹ» ሁለቱም አምስት ፊደል ናቸው፤ የመጀመሪያው ሁሉም ሳድስ ስለሆነ tmhrt በአምስት ምት ያልቃል፣ ሁለተኛው temariwocu ዐሥር ይፈልጋል። የእንግሊዝኛ መለኪያ ክፍት ቦታን ጨምሮ አምስት ምትን አንድ ቃል ይላል፤ በዚያ ስሌት ሠላሳ ቃል በደቂቃ 150 ምት ነው። አንድ የአማርኛ ቃል ከክፍት ቦታው ጋር ዘጠኝ ምት ቢወስድ ያው እጅ የሚጽፈው ዐሥራ ሰባት ቃል ገደማ ብቻ ነው። ይህን ያላወቀ ጎልማሳ እጁ ሰንፎ ይመስለዋል።

የጀልባው መዝጋቢ በሁለተኛው ሳምንት ወደ አርባ ምት ወረዱ። በስድስተኛው ሳምንት ሰባ ላይ ተመለሱ፤ በሦስተኛው ወር መጨረሻ 110 ደረሱ። ግማሽ ዓመት ሲሞላ በ140 እና በ150 መካከል ነበሩ። በመሐሉ ለብዙ ቀናት ምንም ያልጨመሩበት ጊዜ ነበር። ያኔ ሙሉ ጽሑፍ ትተን የሚያደናቅፏቸውን ጥንዶች ብቻ ለቅመን ሠራን፤ ከሁሉ የከበዳቸው ጫ ነበር፣ C በታችኛው ረድፍ ስለሆነች። በእሳቸው ዕድሜ ያለ፣ በሥራ የሚደክም ሰው ከዚህ ፈጥኖ ሲሄድ ብዙም አላየሁም።

አስቸጋሪው ያ የአርባ ምት ሳምንት ነው። መንገደኛ ተሰልፎ እየጠበቀ በአዲሱ ዘዴ ስም ለመመዝገብ መሞከር ትርፉ መበሳጨት ነው። ስለዚህ ቀን በሥራ ላይ በሁለት ጣት እንዲቀጥሉ፣ ማታ በልምምድ ሰዓት ግን አንድ ቃል እንኳ በአሮጌው መንገድ እንዳይጽፉ ተስማማን። አዲሱ የአሮጌውን ሁለት ሦስተኛ ሲደርስ፣ በእሳቸው አርባ ሰባት ምት ገደማ ማለት ነው፣ ጠዋት ጀልባዎቹ ሄደው የባሕር ዳርቻው ጭር በሚልበት ሰዓት የመጀመሪያውን ዝርዝር በዐሥር ጣት ጻፉ። የሰልፉን ሰዓት ወደ አዲሱ ያዞርነው ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ ነው።