ነጩ ጭስ ተን አይደለም

አራተኛ ክፍል ለምትማር የእህቴ ልጅ የውሃ ዑደትን የሚያሳይ አጭር አኒሜሽን በኤአይ ልሠራላት ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት ትእዛዝ «የውሃ ዑደትን ለልጆች አሳይ» የሚል ብቻ ነበር። የወጣው ቪዲዮ ለዓይን ያምራል፦ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ የጥድ ደን፣ ከባሕሩ ላይ የሚትጎለጎል ነጭ ጭስ። በላዩ ያለው ጽሑፍ ከሩቅ ፊደላችንን ይመስላል፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት አይነበብም።

በረዶውና ጥዱ አላስቸገሩኝም። «ጣና ዳር፣ ደንገልና ታንኳ» ብዬ ስጽፍ ጠፉ። የቸገረኝ ጭሱ ነው። የውሃ ተን ለዓይን አይታይም። ማንቆርቆሪያ ሲንተከተክ አፉን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ልክ ከአፉ ላይ ባዶ የሚመስል ክፍተት አለ፣ ነጩ ከዚያ ወዲያ ነው የሚጀምረው። ክፍተቱ ውስጥ ያለው ተን ነው፤ ነጩ ቀዝቅዞ ደቃቅ ጠብታ የሆነ ውሃ ነው። ልጅቱ ነጩን «ተን» ብላ ከያዘች፣ ደመናው ገና ከሐይቁ ሳይነሳ ተሠርቶ አለቀ ማለት ነው።

«ጭስ አይኑር» ብዬ ጻፍኩ፤ ጭሱ ባሰበት! እነዚህ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ «አይኑር» የሚለውን ትተው «ጭስ» የሚለውን ይይዛሉ። ስለዚህ እንዲታይ የምፈልገውን ብቻ ጻፍኩ፦

«ካሜራው ከጎን፣ ሳይንቀሳቀስ። እኩለ ቀን፣ ጥርት ያለ አየር፣ የረጋ ሐይቅ። ከውሃው ላይ ጥቂት ትንንሽ ሰማያዊ ነጥቦች ተራርቀው ቀስ ብለው ወደ ላይ ይወጣሉ።»

ይህ ሠራ። ነጥቦቹ የእኛ ምልክት እንጂ በዓይን የሚታይ ነገር አለመሆናቸውን ግን አስተማሪው በቃሉ መናገር አለበት። መቀዝቀዙን፣ ዝናቡንና ወንዙን በየራሳቸው ቁራጭ ሠራሁ፤ ሁሉን በአንድ ትእዛዝ ሲጠይቁት ያደበላልቀዋል። ስያሜዎቹን በመጨረሻ በካፕካት በአማርኛ ፊደል ጨመርኩ።

ወንዙ ላይ ሌላ ጉድ መጣ፦ በቪዲዮው አባይ ባሕር ዳር ላይ ወደ ጣና ይገባል! እውነቱ ግን ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ይገባሉ፤ በባሕር ዳር በኩል አባይ ይወጣል። በቃል ማስረዳቱ አልሆነም። ካርታውን በእጄ ሥዬ ፎቶ አነሳሁና የቪዲዮው መነሻ ምስል አደረግኩት፤ ያኔ ተስተካከለ።

አንድ ነገር ግን ሆን ብዬ ከተለመደው ሥዕል ለየሁት። ከጣና በዓመት በትነት የሚሄደው ውሃ በአባይ ከሚወጣው ይበልጣል፤ ያ ተን ግን አብዛኛው ዞሮ እዚያው ጣና ላይ አይዘንብም። የክረምቱ ዝናባችን እርጥበት በብዛት ከሩቅ በነፋስ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ደመናው ከሥዕሉ ጠርዝ ውጭ እየተነዳ እንዲገባ አደረግኩት።

እናንተም ከሠራችሁ፣ ለክፍል ከመላካችሁ በፊት ድምፁን አጥፉና አንዲት ጠብታ ከመነሻዋ እስከ መጨረሻዋ በዓይናችሁ ተከተሉ። ወደ ኋላ ከሄደች ቁራጩን ጣሉት።