ማለቂያ የሌለው ዘጠኝ እንዴት አንድ ይሆናል?

አንድ ድፎ ዳቦ እኩል አስር ቦታ ተቆረጠ እንበል። ዘጠኙ ቁራሽ ለእንግዶች ታደለ። የቀረችው አንዷ ደግሞ አስር ቦታ ተቆርጣ ከእሷም ዘጠኙ ታደለ። እንዲህ እየተባለ ሲቀጠል፣ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ የታደለው የዳቦው 0.9 ነው፤ ከሁለተኛው በኋላ 0.99፣ ከሦስተኛው በኋላ 0.999። ሰሃኑ ላይ የሚቀረው በአንጻሩ አንድ አስረኛ፣ ከዚያ አንድ መቶኛ፣ ከዚያ አንድ ሺህኛ እያለ ያንሳል።

እንግዲህ 0.999… ተብሎ ሲጻፍ ሦስቱ ነጥቦች ዘጠኙ ማብቂያ የለውም ማለታቸው ነው። ይህን ያየ ብዙ ሰው “ለአንድ ትንሽ ይጎድለዋል” ይላል። ግን ምን ያህል?

ጎደለ የሚል ሰው አንድ ሚሊዮንኛ ነው ቢል፣ ሰባት ዘጠኝ ሲደረደር የቀረው አንድ አስር ሚሊዮንኛ ብቻ ስለሆነ ግምቱ ወደቀ። አንድ ቢሊዮንኛ ቢል አስር ዘጠኝ ይበቃል። ከዜሮ የሚበልጥ የትኛውም ጉድለት ቢጠራ፣ ቀሪውን ከዚያ በታች የሚያወርድ የዘጠኞች ብዛት አለ። ማለቂያ የሌለው ቁጥር ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ ጉድለቱ ከዜሮ በስተቀር ሌላ ሊሆን አይችልም፤ 0.999… ራሱ አንድ ነው።

በሂሳብ ቋንቋ ይህ ጂኦሜትሪክ ተከታታይ ድምር ነው፦ 0.9 + 0.09 + 0.009 + …። እያንዳንዱ ቁጥር የቀደመው አንድ አስረኛ ስለሆነ የጋራ ውድሩ 0.1 ነው። የመጀመሪያዎቹ n ቁጥሮች ድምር 1 − 1/10ⁿ ይሆናል፤ ድምሩ የሚጠጋው ቁጥር፣ ማለትም ሊሚቱ፣ 1 ነው። በቀመሩም 0.9 ለ (1 − 0.1) ሲካፈል አንድ ይመጣል። ማለቂያ የሌለው ድምር በሊሚቱ እንዲተረጎም አድርጎ በጥንቃቄ ያስቀመጠው ፈረንሳዊው ኦገስተን ኮሺ በ1821 ባሳተመው መጽሐፉ ነው።

ሊሚት ለምን አስፈለገ? ተማሪ ቤት የሚታወቅ አጭር መንገድ አለና፦ x = 0.999… ከሆነ 10x = 9.999… ነው፤ ሲቀናነስ 9x = 9፣ x = 1። መልሱ ትክክል ነው። ያው መንገድ በ9 + 90 + 900 + … ላይ ሲሞከር ግን ድምሩ −1 ነው ይላል! እያደገ የሚሄድ ድምር ከዜሮ በታች ሊወርድ አይችልም። ስህተቱ ሊሚት ለሌለው ድምር እንዳለው ቆጥሮ ስም መስጠቱ ላይ ነው። ውድሩ 10 ሲሆን ድምሩ የሚጠጋው ቁጥር የለም፤ 0.1 ሲሆን አለ። አጭሩ መንገድ የሚታመነው ይህ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ካልኩሌተርም ያሳስታል። 1 ለ3 ሲካፈል የመጣው 0.33333333 ተጽፎ በ3 ቢባዛ 0.99999999 ይወጣል፤ ይህ በእርግጥም ከአንድ ያንሳል፣ አንድ መቶ ሚሊዮንኛ ይጎድለዋል። ምክንያቱ ስምንቱ ዘጠኝ ላይ መቆሙ ነው። “መጨረሻ ላይ አንድ ያለበት 0.000…1 ይቀራል” የሚለው ሙግትም የሚነሳው ከዚሁ ነው፤ ማብቂያ ከሌለው ረድፍ በኋላ ግን አንዱ የሚቀመጥበት መጨረሻ የለም።

በዚሁ ስሌት 0.24999… ከ0.25፣ 6.999…ም ከ7 ጋር አንድ ቁጥር ናቸው፤ የሚለያዩት በአጻጻፍ ብቻ ነው።