ለኅዳር ሚካኤል ልጅ የተጻፈ የልደት መልእክት

ለአራስ ጥየቃ ተብሎ ትኬት ተቆርጦላቸው ሄደው፣ ገንፎውን አገንፍተው፣ ሕፃኑን አዝለው እያሳደጉ በዚያው የቀሩ አያቶች አሜሪካ ውስጥ ብዙ ናቸው። ከመካከላቸው አንዲትን እናስብ፤ ከጉለሌ ተነሥተው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ እናት። በ2018 ዓ.ም. ሰማንያ ደፈኑ። አዲስ አበባ የቀረችው የልጅ ልጃቸው የልደት መልእክት ልትጽፍላቸው ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች።

ገና ከመጀመሪያው የቀኑ ነገር ያስቸግራል። በልጅነታቸው የተጻፈ የልደት ማስረጃ የሌላቸው አረጋውያን በሰነዳቸው ላይ ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1 ተሞልቶላቸው ይገኛል። እሳቸው የሚያውቁት ሌላ ነው፤ ጣሊያን በወጣ በአምስተኛው ዓመት፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ተወለዱ። ጣሊያን የወጣው በ1933 ስለሆነ ልደታቸው ኅዳር 12 ቀን 1938 ነው፤ በፈረንጆቹ ደግሞ ኖቬምበር 21 ቀን 1945። ጃንዋሪ 1 ቀን ሻማ ያጠፋሉ፣ ልጆቹን ላለማስከፋት። «እንኳን ተወለዱ» ሲባሉ ልባቸው የሚሞቀው ግን በሚካኤል ነው። ስልክ ላይ ማስታወሻ የምትሞሉ ካላችሁ አንድ ነገር ያዙ፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነች ማግስት በሚገባው ዓመት ቀኑ በአንድ ይገፋል። ለምሳሌ በ2020 ዓ.ም. ኅዳር 12 የሚውለው ኖቬምበር 22 ነው።

ቀኑ ከታወቀ በኋላ አጠራሩ ይመጣል። አያቱን «አንቺ» እያለ ያደገ ሰው በልደት ቀን ድንገት «እርስዎ» ቢል፣ አያት «ምን አጠፋሁ?» ይላሉ። «አንቱ» በሚባልበት ቤትም «አንቱ» ነው የሚጻፈው። የሚያስቀይመው መደባለቅ ነው፤ ከሌላ ቦታ ተገልብጦ የሚላክ መልእክት የሚታወቀውም በዚህ ነው። «ውድ አያቴ እንኳን ተወለዱ» ብሎ ይጀምርና ሦስተኛው መስመር ላይ «ሁሌም እወድሻለሁ» ይላል። የኛዋ ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ «እማማ» እና «እርስዎ» ብላ ስላደገች እስከ መጨረሻው በዚያው ትቀጥላለች።

ምኞቱም ልክ አለው። «እደጉ» ለልጅ ነው። «መቶ ዓመት ይኑሩ» ደግሞ ለሰማንያ ዓመት ሰው ደግ ምኞት ነው፤ ዘጠና ስድስት ለሞላቸው ከተባለ ግን አራት ዓመት ሰጥቶ እንደ መሸኘት ይሆናል። «ዕድሜና ጤና ይስጥልን» የሚለው ቁጥር ስለሌለው የትም ያስኬዳል፤ በሙስሊም ቤት «አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን» ይባላል። ከዚያ በላይ ግን በእኛ ዘንድ ምርቃት የሚወርደው ከላይ ወደ ታች ነው። የልጅ ልጅ አያቷን ስትመርቅ ከምትውል ምርቃት ብትለምን አያቲቱ የበለጠ ደስ ይላቸዋል፤ በስደት ቤት ማንም የማይጠይቃቸው ሥራ ነውና።

የመልእክቱ ሆድ ውስጥ ምን ይግባ? የልጅቷ የመጀመሪያ ሙከራ «ለእኛ ብርሃን ነዎት፣ ፍቅርዎ ወሰን የለውም፣ እዚህ ሁሉም ሰላም ነው» የሚል ነበር። «ሁሉም ሰላም ነው» የምትለዋ ሐረግ ክፉ ናት። ርቀው የሚኖሩ አያት ስም ይቆጥራሉ፤ ያልተጠራውን ሰው «ምን ሆኖ ነው?» ብለው ሌሊቱን ሳይተኙ ያነጋሉ። መርዶ በመንገድ እንደሚደበቅ ከማንም በላይ ያውቁታልና። ስለዚህ በየስሙ፣ ሊታይ በሚችል ነገር አስደግፎ ደኅንነትን መንገር ይሻላል፤ እገሌ ደህና ነው ከማለት፣ እገሌ ትናንት ምን ሲያደርግ እንደታየ። «መቼ ነው የሚመጡት?» የሚለው ጥያቄ ግን ለዚህ ቀን አይሆንም፤ መልሱ በእሳቸው እጅ አይደለም።

ኢሞጂውን በተመለከተ፣ ሦስት ይበቃል ባይ ነኝ። ኬኳን 🎂 ልጅቷ ተወችው፤ በ2018 ኅዳር 12 ዓርብ ስለዋለ፣ እንቁላልና ወተት ያለበት ኬክ በጾም ቀን ለሚካኤል ልጅ አይላክም። ሻማው 🕯️ ለአንዳንድ ሰው ልደትን ሳይሆን ሙት ዓመትን ያስታውሳል። በሳቅ የሚያነባው ፊት 😂 በትንሽ ስክሪን፣ ያለ መነጽር ሲታይ ልቅሶ ነው። አበባዋ 🌼 አደይን ትመስላለች፤ መልኳ እንደ ስልኩ ዓይነት ትንሽ ይለዋወጣል እንጂ አበባነቷ አይጠፋም። ቡናው ☕ ጆሮ ያለው የፈረንጅ ኩባያ ነው፣ ሲኒ አይደለም፤ ግን ከጎኑ ስለ ሲኒ ከተጻፈ ማንም አይሳሳትም። ኢሞጂው ሁልጊዜ ዓረፍተ ነገሩ ካለቀ በኋላ ይቀመጥ። በቃል ፋንታ ከገባ አያቲቱ ንባባቸው ይቋረጣል።

በመጨረሻ የጻፈችው ይህን ነው፦

«እማማ፣ እንኳን ተወለዱልን! 🌼

ሰማንያ ደፈኑ አይደል! ዛሬ ሰፈሩ ኅዳርን ሲያጥን ጭሱ ቤት ድረስ ገባ። ያኔ በነጠላዎ አፍንጫዬን ሸፍነው በጭሱ መሃል ያሻገሩኝ ትዝ አለኝ።

እናቴ ባለፈው እሑድ ዶሮ ስትበልት አሥራ አንድ ሆነባት። «እማማ ቢያዩኝ ከቤት ያስወጡኝ ነበር» ብላ ስትስቅ ዋለች። አጎቴ ጉልበቱ ተሽሎታል፤ ከዘራውን ጥሎ ትናንት ገበያ ደርሶ መጣ።

ያቺ ጠርዟ የተሸረፈችው ሲኒዎ ረከቦት ላይ ቦታዋን እንደያዘች ናት፤ ማንም አይጠጣባትም። ☕

ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ማታ እደውላለሁ፤ ይመርቁኛል። ❤️»

ጎረቤቱ ቆሻሻ ሰብስቦ የሚያጤሰው በ1911 የኅዳር በሽታ ከተማውን ከፈጀ ወዲህ ስለሚነገረው ትዝታ ነው፤ ይህን ለእሳቸው ማብራራት አላስፈለጋትም። የዶሮውም ነገር እንደዚያው። አሥራ ሁለት መሆን እንዳለበት ያስተማሩት እሳቸው ናቸውና ቀልዱን የሚጨርሱት ራሳቸው ናቸው። «ናፈቁኝ» የሚል ቃል የትም አልገባም፤ ሲኒዋ ብላዋለች።

የቀረው የሚላክበት ሰዓት ነው። በኅዳር ሲልቨር ስፕሪንግ ከአዲስ አበባ በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ልጅቷ ከቅዳሴ መልስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ብትልከው እዚያ እኩለ ሌሊት ነው። በሌሊት የሚጮህ የአገር ቤት ስልክ ደግሞ ለአያት ልደት አይመስላቸውም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከላከችው እዚያ ጠዋት አንድ ሰዓት ሆኖ ያገኛቸዋል፤ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ስትደውልም እዚያ ገና ረፋድ አምስት ሰዓት ነው።

ዓይናቸው ፊደል የማይለይ ከሆነ ወይም ካልተማሩ፣ መልእክቱን የሚያነብላቸው እዚያ ያደገው የልጅ ልጅ ይሆናል። ያ ልጅ አማርኛ ይሰማል፣ ይናገራል፣ ፊደል ግን ላይቆጥር ይችላል። ስለዚህ ልጅቷ ያንኑ ጽሑፍ በድምጿ ቀድታ ከሥሩ ላከችው፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ስታነብ «አሥራ አንድ ሆነባት» የሚለው ላይ ሳቋ አምልጧታል፤ አልቆረጠችውም።