ሕፃኑ በጀርባው ይተኛ ወይስ በሆዱ?

አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ቤንጃሚን ስፖክ እ.ኤ.አ. በ1946 ያሳተመው የልጅ አስተዳደግ መጽሐፍ ወደ 50 ሚሊዮን ቅጂ ተሽጧል። ብዙ አዲስ እናቶች ሌሊት ግራ ሲገባቸው የሚገልጡት እሱን ነበር። በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በወጣ እትሙ ስፖክ ሕፃናት በሆዳቸው ቢተኙ እንደሚሻል መከረ። ምክንያቱ ለማንም የሚዋጥ ነው። በጀርባው የተኛ ሕፃን ቢያስመልሰው ትውከቱ ሊያንቀው ይችላል፤ ጭንቅላቱም በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ይሆናል።

ስፖክ ይህን የጻፈው አስቦ እንጂ ሕፃናቱን ቆጥሮና አወዳድሮ አልነበረም። ነገሩ በተግባር ሲታይ ተቃራኒ ሆኖ ተገኘ። ሕፃኑ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ስለሚሆን፣ ያስመለሰው ወተት ወደ ታች፣ ወደ ምግብ ቧንቧው ይመለሳል። በሆዱ ሲተኛ ግን ቦታው ይገለበጣል። ከዚህም ሌላ ፊቱ ፍራሽ ላይ ከተደፋ ያስወጣውን ትንፋሽ መልሶ ይስበዋል፤ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ከእንቅልፉ መንቃትም ይከብደዋል።

በ2005 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የቀድሞ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው መረመሩ። በሆድ ማስተኛት ከድንገተኛ የጨቅላ ሕፃናት ሞት ጋር መያያዙን የሚያሳይ ማስረጃ ገና በ1970 እጅ ላይ ነበር። ያኔ ተሰብስቦ ቢታይ ኖሮ በብሪታንያ ከ10 ሺህ በላይ፣ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ አካባቢ ደግሞ ቢያንስ 50 ሺህ ሕፃናት ሊተርፉ ይችሉ እንደነበር ገመቱ። አሜሪካ «በጀርባ አስተኙ» የሚለውን ዘመቻ የጀመረችው በ1994 ነው። በቀጣዮቹ ዓመታት የዚህ ዓይነቱ ሞት ከግማሽ በላይ ቀነሰ።

ስፖክ ክፉ ሐኪም አልነበረም፤ ታሪኩን አሳሳቢ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ዛሬም መጽሐፍ መደብር ገብቶ ሁለት መጻሕፍት ያነሣ ወላጅ እርስ በርስ የሚጣሉ ምክሮች ይገጥሙታል። በ2006 የወጣ አንድ ጥናት ስለ ሕፃናት እንቅልፍ የሚመክሩ 40 መጻሕፍትን አገላብጦ ነበር። 61 በመቶዎቹ ሕፃኑ እያለቀሰም ቢሆን ብቻውን መተኛት ይልመድ ይላሉ፤ 31 በመቶዎቹ ይቃወማሉ፤ የቀሩት ዝም ብለዋል።

በአንደኛው ወገን የሚጠቀሰው ሪቻርድ ፈርበር ነው። በ1985 መጽሐፉ ሕፃኑን ሳይተኛ አልጋው ላይ አስቀምጦ መውጣትን፣ ሲያለቅስም መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ፣ ቀጥሎ ትንሽ ረዘም አድርጎ እየቆዩ ማባበልን ያስተምራል። በሌላው ወገን ዊልያም ሲርስና ነርሷ ባለቤቱ ማርታ ሕፃኑ ከእናቱ ሳይርቅ፣ ባለቀሰ ቁጥር ይነሣ ይላሉ። አያቶቻችን ቢጠየቁ ለሲርሶች ሳይፈርዱ አይቀሩም።

ማስረጃውስ? በሜልበርን ነርሶች ልጃቸው በሰባት ወሩ ሌሊት ለሚያስቸግራቸው እናቶች፣ እየቆዩ ማባበልን ወይም አጠገቡ ተቀምጦ ቀስ በቀስ መራቅን አስተማሩ። ሌሎች እናቶች የተለመደውን ክትትል ብቻ አገኙ። የተማሩት እናቶች የድብርት ምልክት ቀነሰላቸው። ልጆቹ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ከ326ቱ 225ቱ እንደገና ሲታዩ በስሜታቸውም ሆነ ከወላጆቻቸው ጋር ባላቸው ቅርበት ልዩነት አልተገኘም። ጉዳትም ጥቅምም አልዘለቀም። ስለዚህ ልጁ ግማሽ ዓመት ካለፈው ምርጫው የቤቱ ነው፤ ልጇን አቅፋ ለማስተኛት የማይታክታት እናት ምንም አላጎደለችም። ጥናቱ ግን ስለ አራስ ሕፃን አይናገርም፤ ብዙ አንባቢ የሚዘለው ይህን ነው።

አራሱን በሰዓት ማጥባት ሌላ ጉዳይ ነው። በ1993 የወጣው የጋሪ ኤዞና የሮበርት በክነም መጽሐፍ የመጥቢያውን ጊዜ ወላጅ እንዲወስን ይመክር ነበር። በ1998 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ጋዜጣ ምክሩ ከክብደት ማነስና ከፈሳሽ እጥረት ጋር መያያዙን አስጠነቀቀ። አራስ በቀን ከስምንት እስከ 12 ጊዜ መጥባት ይፈልጋል፤ ልቅሶ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት እጁን ይጠባል፣ አፉን እያዞረ ጡት ይፈልጋል። መጥገቡ የሚታወቀውም በሰዓት ሳይሆን በሽንቱ ነው። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ዳይፐር ካረጠበ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥም የተወለደበትን ክብደት ከመለሰ ወተቱ ይበቃዋል። ሽንቱ ካነሰ ወይም ለመጥባት እንኳ የማይነቃ ከሆነ ግን ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

የእናቲቱ ስሜት በእነዚህ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የመጨረሻ ምዕራፍ ነው። በዌልስ የስዋንሲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 354 እናቶችን ጠይቀው፣ ጥብቅ የሰዓት ሥርዓት የሚያዙ መጻሕፍትን አዘውትረው የሚያነቡት የድብርት ምልክታቸው ከፍ፣ በራስ መተማመናቸው ዝቅ ያለ ሆኖ አገኙ። መጽሐፉ አስጨንቋቸው ነው ወይስ የተጨነቁት መጽሐፉን ፈልገው? ጥናቱ አይለይም። መጽሐፉ ጠቀመኝ ያሉት ደግሞ የተሻለ ስሜት ነበራቸው። ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት ሆድ መባስና ማልቀስ የተለመደ ነው፤ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሕፃኑ ተኝቶም እናቲቱን እንቅልፍ ከነሣት ግን መጽሐፉ ይዘጋና ጤና ጣቢያ ይኬዳል። እዚያ ድብርት ለመለየት ከሚያገለግሉት አንዱ የኤዲንብራ መጠይቅ ነው፤ ጥያቄዎቹ አሥር ናቸው፣ ለመሙላትም ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።