በሳምንት አሥር ቃል፦ የእንግሊዝኛ መምህር ለወላጆች የሚልከው ደብዳቤ

በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ዘመኑ ሲጀመር ብዙ የእንግሊዝኛ መምህራን ለወላጆች ደብዳቤ ይልካሉ። ልጆች በየሳምንቱ ስንት አዲስ ቃል እንደሚማሩ፣ በየቀኑ ምን እንደሚሠሩና ፈተናው መቼ እንደሆነ ይገልጻል። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ያሉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ቶሎ የሚያዩት የፈተናውን ቀን ነው። ትምህርቱ ግን የሚካሄደው ከፈተናው በፊት ባሉት ቀናት ነው።

የሳምንቱ ቃላት፣ አሥር ናቸው እንበል፣ በዘፈቀደ አይመረጡም። ብዙ መምህራን የሚከተሉት ኢዛቤል ቤክ፣ ማርጋሬት ማኪዮንና ሊንዳ ኩካን በ2002 ባሳተሙት መጽሐፍ ያስፋፉትን አከፋፈል ነው። በአንደኛው ደረጃ ልጁ ከጨዋታና ከዕለት ንግግር የሚለቅማቸው ቃላት አሉ። በሦስተኛው ደረጃ ያሉት እንደ ፎቶሲንተሲስ የአንድ ትምህርት ብቻ የሆኑ ናቸው። የሳምንቱ ዝርዝር የሚወጣው ከሁለተኛው ደረጃ ነው፤ በልብ ወለድም በታሪክም በሳይንስም መጻሕፍት ይገኛሉ፣ በሰፈር ጨዋታ ግን እምብዛም አይሰሙም።

ከእነዚህ አንዱን፣ «ሪላክታንት» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ሰኞ መምህሯ ቃሉን ክፍሉ ከሚያነበው ታሪክ ውስጥ አውጥታ ታሳያለች፤ ትርጉሙንም በቀላል አነጋገር ታስረዳለች፦ ማድረግ እየቻለ ልቡ ስላልፈቀደ የሚያመነታ ሰው። መዝገበ ቃላት ገልብጦ መምጣት ብዙም አይረዳም፤ አንዱን እንግዳ ቃል በሌላ እንግዳ ቃል ይተካልና።

ማክሰኞ ልጆቹ አንድ ወረቀት ለአራት ከፍለው ይሞላሉ። ዶሮቲ ፍሬየርና ባልደረቦቿ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በ1969 ያዘጋጁት ይህ ሠንጠረዥ ለትርጉም፣ ለመለያ ባሕርያት፣ ለምሳሌና ምሳሌ ላልሆነ ነገር ቦታ አለው። ብዙ የሚያስተምረው የመጨረሻው ነው። ገንዳው ተዘግቶበት ያልዋኘ ልጅ «ሪላክታንት» አይባልም፤ ገንዳው ክፍት ሆኖ ዳር ላይ ቆሞ የሚያመነታው ግን ይባላል። ይህን ልዩነት ማስረዳት የቻለ ልጅ ቃሉን ይዞታል። ረቡዕ የቃሉ ዘመዶች ይታያሉ፦ «ሪላክታንትሊ» እና «ሪላክታንስ»። ሐሙስ ደብተር ተዘግቶ ቃላቱ በቃል ይጠየቃሉ፤ ዓርብ ፈተና ነው።

ሥራው በአምስት ቀን የተከፋፈለው መርሳት በራሱ መንገድ ስለሚሄድ ነው። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የለሽ ቀለማትን ራሱ እያጠና፣ ሰው ከተማረው አብዛኛውን የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደሆነ በ1885 አሳይቷል። ሐሙስ ማታ ብቻ ያጠና ልጅ ዓርብ አሥር ከአሥር ሊያገኝ ይችላል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ብዙውን ረስቶታል። በየቀኑ አምስት ደቂቃ ቃሉን ከአእምሮው ፈልጎ እንዲያወጣ የተጠየቀ ልጅ የተሻለ ይይዛል። ጎበዝ መምህር በፈተናው ውስጥ ያለፉ ሳምንታትን ቃላት የምትጨምረው ለዚሁ ነው።

ልጁ ትርጉሙን ብቻ መሸምደዱ የሚታወቀው በዓረፍተ ነገሩ ነው። «ትናንት ሪላክታንት ነበርኩ» ብሎ ከጻፈ መረዳቱ አይታወቅም። «ምን ለማድረግ? ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ «የጥርስ ሐኪም ጋ ለመሄድ፤ ያመኛል ብዬ ስለፈራሁ» ካለ ገብቶታል። ይህን ለመጠየቅ ወላጅ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ መናገር የለበትም። ልጁ በአማርኛ እንዲያስረዳ ማድረግም ይቻላል፤ በአንድ ቋንቋ የጨበጠውን ሐሳብ በሌላው እንደገና መማር አያስፈልገውምና። መጠንቀቅ ያለበት በግምታዊ ፍቺ እንዳይረካ ነው፤ «ሰነፍ ማለት ነው» ካለ ወደ ገንዳው ምሳሌ መመለስ ያስፈልጋል።

የሳምንቱ ዝርዝር ወሰን አለው። የትምህርት ዘመኑ 36 ሳምንት ያህል ስለሆነ፣ አሥር አሥር ቃል ቢጠና 360 ገደማ ይሆናል። ተመራማሪዎቹ ዊሊያም ናጊና ፓትሪሻ ኸርማን ደግሞ ተማሪዎች በዓመት 3,000 ያህል ቃላት እንደሚማሩ በ1987 ገምተዋል። የቀረውን የሚሞላው በአመዛኙ ንባብ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ደብዳቤዎች የየቀን የቤት ንባብን አብረው ይጠይቃሉ። ይህን መስመር ትቶ ዝርዝሩን ብቻ ማስጠናት ልጁን ይጎዳዋል።

እንግሊዝኛን በቅርቡ ለጀመረ ልጅ አሥር ቃል ሊበዛ ይችላል። በየዓርቡ ውጤቱ ከወደቀ፣ ወይም ዓርብ የመለሰውን ሰኞ ካላስታወሰ፣ ለመምህሯ ነግሮ ዝርዝሩ ወደ አምስት ዝቅ እንዲል መጠየቅ ተገቢ ነው። ደብዳቤው ራሱ ካልገባም፣ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ወላጆች አስፈላጊ መልእክቶችን በሚገባቸው ቋንቋ የማድረስ ግዴታ ስላለባቸው፣ ወላጅ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ወይም ትርጉም ሊጠይቅ ይችላል።